ፓምፑ ለምን ቆመ? ባልደረባ የሚያነበው የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ሪፖርት

የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። የመስክ ሠራተኞች ውል ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ያልቃል፤ ሌላ ሥራ ያገኙትም ቀድመው ይለቃሉ። መኪናው ወደ ሌላ ፕሮጀክት ይዛወራል፤ ሾፌሩም አብሮት ይሄዳል። ቢሮ የቀረው አስተባባሪ ወይም የክትትልና ግምገማ ባለሙያ የሦስት ዓመቱን የሩብ ዓመት ሪፖርቶች ከፊቱ ዘርግቶ፣ ከዚህም ከዚያም እየቀዳ አንድ ወፍራም ሰነድ ያዘጋጃል። ገጽ ስልሳ አካባቢ ሲደርስ «የተገኙ ትምህርቶች» የሚለው ክፍል ይመጣል። ጸሐፊው በዚያን ሰዓት ደክሞታል፤ የማስረከቢያው ቀንም ደርሷል። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ይዘጋዋል፦ «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ለፕሮጀክቱ ስኬት ወሳኝ መሆኑን ተምረናል። የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ሊጠናከር ይገባል። ግዥ በወቅቱ መጀመር አለበት።»

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ሐሰት አይደሉም። ጉድለታቸው ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊትም ሁሉም ሰው ያውቃቸው የነበሩ መሆናቸው ነው። ፕሮፖዛሉ ውስጥ የነበረውን ሐሳብ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሶ መጻፍ ትምህርት አይባልም። የሚቀጥለውን ፕሮጀክት የሚመራው ባልደረባ አንዴ አንብቦ የሚያውቀውን ነገር ብቻ ካገኘ ሁለተኛ አይከፍተውም፤ ልንወቅሰውም አንችልም።

ነገሩ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የራሳቸው ተቋም ድረ ገጽ ላይ ያወጣቸውን የፖሊሲ ሪፖርቶች ማን እንደሚያነባቸው ሲመረምሩ፣ ከሦስቱ አንድ ያህሉን አንድም ሰው አውርዶት እንደማያውቅ ደረሱበት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳም ከየፕሮጀክቱ የተገኙ ትምህርቶችን የሚያከማችበት ትልቅ የመረጃ ቋት ነበረው። የአሜሪካ ምክር ቤት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሪፖርት ግን የፕሮጀክት ኃላፊዎች ትምህርቱን አዘውትረው እንደማያስገቡም፣ የሌሎችን ፈልገው እንደማይጠቀሙም አሳየ። ገንዘብና የኮምፒውተር ሥርዓት ስላለ ብቻ ሪፖርት አይነበብም ማለት ነው።

እኔ እንደማምነው መነሻው ስህተት አንድ ሰነድ ለሁለት የተለያዩ አንባቢዎች መጻፉ ነው። ለጋሹ፣ ፈቃድ ሰጪው መንግሥታዊ አካልና ኦዲተሩ የሚፈልጉት መተማመኛ ነው፤ ምን ታቅዶ ምን ተሠራ፣ በጀቱ እንዴት ወጣ፣ ንብረቱ ለማን ተላለፈ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ አለ ወይ፣ የባንክ ሒሳቡ ተዘጋ ወይ። ይህ ክፍል ረጅምና ደረቅ ቢሆን አይደንቅም፤ ሥራው ማስረጃ መሆን ነው። ባልደረባ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ተመሳሳይ ሥራ በሌላ ወረዳ ሊጀምር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውሳኔዎች ይጠብቁታል፤ የሚሻለውን እንዲመርጥ የሚረዳው ነገር ካለ ይፈልጋል። ለእሱ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ለብቻው ይጻፍለት። ዋናው ሪፖርት ላይ በአባሪነት ሊያያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ለብቻው መቆም፣ ለብቻውም መላክ አለበት።

ሁለቱ ወይም ሦስቱ ገጽ ላይ ምን እንደሚሰፍር በምሳሌ እንየው። ምሳሌው የአንድ የተወሰነ ድርጅት ታሪክ አይደለም፤ በገጠር የመጠጥ ውሃ ሥራ ያለፈ ሰው ከሚያውቃቸው ነገሮች ያዋቀርኩት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ወረዳ የሦስት ዓመት የውሃ ፕሮጀክት ነበር እንበል። ዕቅዱ 24 ጉድጓዶች አስቆፍሮ የእጅ ፓምፕ መግጠም ነው። ከ24ቱ ሦስቱ ደረቅ ሆኑ። የሁለቱ ውሃ ተመርምሮ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ስለተገኘ ተዘጉ። አሥራ ዘጠኙ ላይ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ተገጠመ፣ የውሃ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፣ ሠለጠኑ፣ ርክክብ ተፈረመ። ሪፖርቱ «19 የውሃ ተቋማት ተጠናቀው ለተጠቃሚው ተላልፈዋል» ይላል፤ እውነት ነው። ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ወር ሲቀረው ግን አንድ ባለሙያ ዞሮ ሲያይ ከ19ኙ ስድስቱ ቆመዋል።

አሁን ትምህርት ሊጻፍ ነው። መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «የውሃ ኮሚቴዎች ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» የሚለው ነው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማንም አይከፋም። ይሄ ዓረፍተ ነገር ግን አደገኛ ነው። የሚቀጥለው ፕሮጀክት አንብቦ ካመነው የሥልጠና በጀቱን ያሳድጋል፤ ፓምፖቹም እንደገና ይቆማሉ። የተሳሳተ ትምህርት ትምህርት ካለመኖሩ ይከፋል፤ ገንዘብን ወደተሳሳተ ቦታ ይመራልና።

ስለዚህ አንዱን የቆመ ፓምፕ ይዞ ወደ ታች መውረድ ነው። አፍሪዴቭ የተሠራው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። መሬት ውስጥ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ላይ የተገጠመችው የጎማ ማሸጊያ በጊዜ ብዛት ትበላለች፤ ያኔ እጀታውን ቢገፉት ቢገፉት ውሃ አይወጣም። ማሸጊያውን ለመቀየር ቧንቧውን ማውጣት አያስፈልግም። በአንድ የብሎን መፍቻ ፓምፑን ከላይ ከፍቶ ዘንጎቹን ብቻ ስቦ ማውጣት ነው፤ የሠለጠነ ሰው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ይጠባል፦ ይህን ቀላል ሥራ ኮሚቴው ለምን አልሠራውም?

ባለሙያው ሊቀመንበሯን «ለምን አልጠገናችሁም?» ብሎ አይጀምርም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን መከላከል ውስጥ ያስገባል። «ፓምፑ የቆመ ዕለት ምን አደረጋችሁ? ከዚያስ?» ብሎ ቀን በቀን ያስከትላል። እሷም የዋንጫውን ሳጥን ሳይሆን የሚሠራበትን ሳጥን ከፍታ ታሳየዋለች፦ ካርኒው አለ፣ የቁጠባ ደብተሩ ላይ ገንዘብ አለ፣ መፍቻውም ቦታው ላይ ነው። የሠለጠነው ወጣትም አልሄደም፤ ፓምፑን ፈትቶ ማሸጊያዋ መበላቷን አይቷል። ዕቃውን ሊገዛ ወደ ዞኑ ከተማ ወርዶ ሦስት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ጠይቆ ባዶ እጁን ተመለሰ። ችግሩ እውቀትም ገንዘብም ፈቃደኝነትም አልነበረም። ዕቃው የሚሸጥበት ቦታ አልነበረም።

እዚህም ላይ ማቆም አይገባም። ፓምፖቹ ከተገጠሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሸጊያ ከየት ይመጣ ነበር? ይህን የሚያውቁት የፕሮጀክቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊና ሾፌሩ ናቸው። ከፓምፖቹ ጋር አንድ ካርቶን መለዋወጫ ተገዝቶ ነበር። አንድ ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር የፕሮጀክቱ መካኒክ በፕሮጀክቱ መኪና ሄዶ፣ ከፕሮጀክቱ ግምጃ ቤት በወጣ ዕቃ ይጠግናል። ካርቶኑ ባለቀ በወሩ መኪናው ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ። የሩብ ዓመት ሪፖርቶቹ ግን እነዚያን ጥገናዎች በስኬት ዝርዝር ውስጥ ይቆጥሯቸው ነበር፤ «በዚህ ሩብ ዓመት አራት ፓምፖች ተጠግነዋል» እየተባለ። ፕሮጀክቱ በደግነት የሠራው ሥራ ኮሚቴው አንድም ጊዜ ዕቃ ፈልጎ እንዳይገዛ፣ በከተማው ያለ ነጋዴም ዕቃውን የሚጠይቅ ደንበኛ እንዳያይ አድርጓል።

ትምህርቱ ይሄ ነው። ሲጻፍም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ኮሚቴው መለዋወጫ ራሱ ገዝቶ አንድ ጥገና ሳያካሂድ ርክክብ አይፈረም። ከተረከቡት 19 ፓምፖች በመዝጊያው ወር ስድስቱ ቆመው ነበር። በአምስቱ የተበላሸው የፒስተን ማሸጊያ ብቻ ነው፤ ኮሚቴዎቹ ገንዘብም ጠጋኝም ነበራቸው፤ ዕቃውን የሚሸጥ ሱቅ ግን በወረዳውም በዞኑም አልነበረም። ይህን ሁለት ዓመት ያላየነው ጥገናውን ሁሉ በራሳችን መካኒክና በራሳችን ዕቃ ስንሠራ ስለነበረ ነው። በሚቀጥለው ፕሮጀክት የፓምፕ ግዥ ከመፈረሙ በፊት ማሸጊያና ተሸካሚ በየትኛው ሱቅ በስንት ብር እንደሚሸጥ ይረጋገጥ። ከሌለ ከአንድ ነጋዴ ወይም ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር የአቅርቦት ስምምነት ይደረግ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የፕሮጀክቱ መካኒክ ያማክር እንጂ ዕቃ ይዞ አይሂድ። ስድስተኛው ፓምፕ የቆመው ዘንጉ ተሰብሮ ስለሆነ ይህ ትምህርት እሱን አይመለከትም።»

ርዝመቱ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። የሆነውን፣ የሆነበትን ምክንያት፣ ምን መደረግ እንዳለበትና መቼ፣ እስከ የት እንደሚሠራም ይዟል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይተወዋል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ጸሐፊው ከሚያውቀው በላይ እንዳልተናገረ ስለሚያሳይ አንባቢው የቀረውን ያምነዋል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ትምህርት መሆኑን ለመለየት የምጠቀምበት ቀላል መንገድ ተቃራኒውን መጻፍ ነው። «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ አያስፈልግም» ብሎ የሚከራከር ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ «ያስፈልጋል» ማለት ለማንም ምንም አይጨምርም። «የፕሮጀክቱ መካኒክ ዕቃ ይዞ ይሂድ፣ ፓምፑም ቶሎ ይጠገን» የሚል ሰው ግን አለ፤ በቂ ምክንያትም አለው፤ ሴቶቹ እስከዚያው ወንዝ ይወርዳሉና። እንዲህ ዓይነቱን ምርጫ የሚነካ ዓረፍተ ነገር ነው ለአንባቢ የሚጠቅመው።

ከዚሁ ፕሮጀክት ሌላ ነገር ልጨምር፤ የግዥ መዘግየት የማይጠቀስበት ሪፖርት አላየሁምና። «የፓምፕ ግዥ በሰባት ወር ዘግይቷል፤ ወደፊት ግዥ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት» ይላል ሪፖርቱ። ባልደረባው ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? ምን ያህል ቀደም ይበል? ሰባቱ ወር በደብዳቤዎቹ ቀን ተከፋፍሎ ሲታይ ሌላ መልክ ያወጣል። ሁለት ወር ተኩል የጠፋው አቅራቢው ባንክ ላይ የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ ነው። አንድ ወር በጉምሩክ አለፈ። ሦስት ወር ተኩል ግን የራሳችን ነው፤ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ላይ የጉድጓዱ ጥልቀትና የቧንቧው ርዝመት ስላልተጻፈ ግዥ ክፍሉ ሁለት ጊዜ መለሰው፤ መስክ ላይ ያለው መሐንዲስም በየጊዜው ሳምንታት ወሰደበት። የምንዛሪው ወረፋ በእኛ እጅ አይደለም፤ ባልደረባው መርሐ ግብሩ ላይ ጊዜ እንዲይዝለት ብቻ ይጠቀስ። ትምህርት የሚሆነው በእጃችን ያለው ሦስት ወር ተኩል ነው። መፍትሔውም ትንሽ ነው፦ ተስተካክሎ ያለፈውን መግለጫ ከሪፖርቱ ጋር አያይዞ መላክ። የሚቀጥለው ሰው ጥልቀቱን ብቻ ቀይሮ ይጠቀምበታል። እውነቱን ለመናገር ከብዙ ገጽ ምክር ይልቅ ባልደረቦች የሚያመሰግኑበት እንዲህ ዓይነት የተዘጋጀ ፋይል ነው።

ይህን ሁሉ ማግኘት የሚቻለው ግን ሰዎቹ ሳይበተኑ ነው። ሦስት ወር ሲቀር፣ ውል ከማለቁ በፊት፣ ግማሽ ቀን ለዚህ ብቻ መመደብ አለበት። ሾፌሩ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ የወረዳው የውሃ ባለሙያና ሁለት የኮሚቴ አባላት ይጠሩ። ግድግዳው ላይ በትልቅ ወረቀት የሦስት ዓመቱ የጊዜ መስመር ይሰመርና ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ክስተት በየወሩ ይለጥፍ። ከዚያ የአሜሪካ ጦር ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች በቂ ናቸው፦ ምን እንዲሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ልዩነቱ ከየት መጣ? በሚቀጥለው ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ሦስተኛውን ዘልሎ ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ይሮጣል። ሰብሳቢው ሊይዘው የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ ፓምፑ ቆመ፣ ሥልጠና ይሰጥ ሲባል «ቆይ፣ ለምን ቆመ?» ማለት።

በአገራችን ለዚህ ስብሰባ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ግምገማ» ሲባል ብዙ ሠራተኛ ትዝ የሚለው ሰው በሰው ላይ የሚነሳበት፣ ጥፋትህን አምነህ ሒስህን የምትውጥበት መድረክ ነው። በዚያ መንፈስ የተጠራ ስብሰባ ላይ መካኒኩ «አዎ፣ ሁሉንም እኔ ነበርኩ የምጠግነው» አይልም፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረ ደግሞ ትምህርቱ የለም። ስለዚህ የሚረዱ ነገሮች አሉ። ስብሰባውን የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አይምራው፤ ከሌላ ፕሮጀክት የመጣ ባልደረባ ይምራው። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ከዚህ ቀደም ብሎ ተሰጥቶ ይለቅ። ሲጻፍም የሰው ስም አይጻፍ፤ የሥራ መደቡና ውሳኔው ይጻፍ። ስም መተው ማለት ግን ነገሩን ማድበስበስ አይደለም። «መዘግየት አጋጥሟል» ብሎ ማለፍ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያስተምርም። «የዝርዝር መግለጫው ጥልቀት ስላልነበረው በግዥ ክፍል ሁለት ጊዜ ተመለሰ» ሲባል ደግሞ ማንም ሳይዋረድ ነገሩ ይታወቃል። ካናዳ ያለው የድንበር የለሽ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያልተሳኩለትን ሥራዎች በዓመታዊ ሪፖርት ራሱ በይፋ ማሳተም ጀምሮ ነበር። እዚያ ድረስ መሄድ ለብዙ ድርጅቶች ከባድ ነው፤ በቢሮ ውስጥ ለሚዘዋወር ሦስት ገጽ ግን ይህን ያህል ድፍረት አይጠይቅም።

ስንት ትምህርት ይጻፍ? ስብሰባው ላይ ሠላሳ ሊመጣ ይችላል። ወደ ገጹ ግን አምስት ቢያልፍ በቂ ነው፤ እኔ ሦስቱን እመርጣለሁ። የሚመረጡት ብዙ ሰው ያነሳቸው ሳይሆኑ የሚቀጥለው ፕሮጀክት ከሚወስናቸው ውሳኔዎች ጋር የሚገናኙት ናቸው። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ያ ባልደረባ ማን እንደሆነ ማወቅና ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው፦ «በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ምን ምን ትወስናለህ?» የቁፋሮ ውል ሊፈርም ከሆነ ደረቅ ጉድጓድ ሲያጋጥም ክፍያው እንዴት እንደሆነ ይጻፍለት። ፍሎራይዱ ፓምፕ ከመገጠሙ በፊት ይመርመር ወይስ በኋላ፣ የትኛው ምን እንዳስከተለ ይጻፍለት። እሱ የማይወስነው ነገር፣ ለምሳሌ የለጋሹ የገንዘብ አለቃቀቅ፣ ለአለቆች በሌላ ማስታወሻ ይሂድ።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለውም አይዘለል። ለጋሹ የሚያነበው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይሆናል። ፓምፖቹን ከነገ ጀምሮ የሚያስተዳድረው የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ የአካባቢው የሥራ ቋንቋ ነው የሚሠራው። ሦስቱ ገጽ በዚያ ቋንቋ ካልተጻፈ ሰነዱ የተጻፈለት ሰው እጅ አልገባም ማለት ነው። ጽፎ ከመጨረስ በፊት ደግሞ ፕሮጀክቱን ለማያውቅ አንድ ባልደረባ አንብቦ ምን እንደሚያደርግ እንዲናገር መጠየቅ ነው። «ጥሩ ነው» ካለ ገና ነው። «እንግዲያው ግዥው ላይ ከመፈረሜ በፊት ሱቆቹን አጣራለሁ» ካለ ሊላክ ይችላል።

ከተላከ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ሰው ሰነድ ፈልጎ የሚያነበው አልፎ አልፎ ነው፤ ቅጽ ግን ግድ ይሞላል። ስለዚህ ከትምህርቱ የሚቻለውን ያህል ወደ ቅጽ ማስገባት ይሻላል። የፓምፕ ግዥ መጠየቂያው ላይ «መለዋወጫው የሚሸጥበት ሱቅና ዋጋ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ «ኮሚቴው በራሱ የገዛው የመለዋወጫ ደረሰኝ ተያይዟል» የሚል ቢገባ፣ ሪፖርቱን ፈጽሞ ያላየው ሰው እንኳን ትምህርቱን ይፈጽመዋል። እነዚህን ሁለት መስመሮች የማስገባት ኃላፊነት የማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያልቅ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ይጻፍ፤ የጸሐፊውም ስልክ ከሥሩ ይቀመጥ፣ አንባቢው ያልገባው ነገር ካለ እንዲደውል።